ለጅማ ሆቴል ቪዲዮ የትኛው ስክሪፕት ይሻላል? ተራኪ፣ እንግዳ ወይስ ቡና የሚያፈሉት እናት

የሆቴል ማስታወቂያ ጻፍልን ስባል መጀመሪያ የሚላክልኝ ዝርዝር ነው። «ምቹ ክፍሎች፣ ነፃ ዋይፋይ፣ ሙቅ ሻወር፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ ጀነሬተር፣ የስብሰባ አዳራሽ።» ዝርዝሩ ውሸት የለበትም። ግን ጅማ የሚለውን አውጥታችሁ ሐዋሳ ወይም አዳማ ብትሉ ሌላ አንድም ቃል መቀየር አያስፈልጋችሁም። የትም ቦታ የሚሠራ ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ከአዲስ አበባ አስነስቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አያስነዳም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ትተን ቆይታውን እንሽጥ ስንባባል ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ነው፤ በቪዲዮው ውስጥ ማን ይናገር? ብዙ ሰው ስክሪፕት ሲመርጥ የሚያየው ቃላቱ ማማራቸውን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የተናጋሪውን ማንነት ነው። የቀረጻው ቀን፣ ወጪው፣ ቪዲዮው የሚያገለግልበት ወር ሳይቀር ከዚያ ይከተላል።

ሦስቱን ምርጫዎች በአንድ ቤት ላይ ላሳያችሁ። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ያለ አነስተኛ ሆቴል ነው። እንግዶቹን ጠዋት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያሳያል። ከዚያ በአጋሮ መንገድ ወደ ቡና እርሻ ይወስዳቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ቡና ይፈላል። ባለቤቱ የፈለገው በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለቀቅ የ60 ሰከንድ ቪዲዮ ነበር። ያሰበው ተመልካችም የሦስት ቀን ዕረፍት ያገኘ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ነው። ለዚሁ ቤት ሦስት ስክሪፕት ጻፍኩ።

አንደኛው፦ ተራኪ

ካሜራው ያሳያል፣ የማይታይ ሰው ይናገራል። አጀማመሩ እንዲህ ነበር፦

«ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ይወርዳል። መስኮት ትከፍታላችሁ፤ የሚገባው ሙቀት ነው። ድልድዩን ትሻገራላችሁ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴው ይበዛል። ጅማ ስትደርሱ ሹራባችሁን ከሻንጣ ታወጣላችሁ።»

ይሄን አጀማመር እወደዋለሁ። በመንገዱ የሄደ ሰው ሁሉ ያን ሙቀት በፊቱ ላይ ያውቀዋል። ያልሄደም ይገባዋል። «ጅማ ነፋሻማና ለምለም ናት» ብል ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር። ሹራቡ ግን የአየሩን ጠባይ ሳይሰብክ ይናገራል።

የተራኪ ትልቁ ጥቅም ጊዜን ማጠፉ ነው። የስምንት ሰዓት መንገድ በአሥር ሰከንድ ያልፋል። ቀረጻውም ቀላል ነው፤ ምስሉን በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ቀርጻችሁ በኋላ በድምፅ ታስሩታላችሁ። በአንድ ምስል ላይ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የእንግሊዝኛ ድምፅ እየቀያየራችሁ ሦስት ቪዲዮ ማውጣትም ይቻላል። ለአስጎብኚ ድርጅት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚበላሸው በቅጽል ነው። ተራኪ አፍ ከተሰጠው ዝም ማለት ይከብደዋል። «ማራኪ»፣ «ልዩ»፣ «የማይረሳ»፣ «እጅግ ውብ» እያለ ይቀጥላል። ጫካው እየታየ «ጥቅጥቅ ያለ ጫካ» ይላል። ይሄን የምፈትንበት መንገድ አለኝ። ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን አያለሁ። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍኜ ድምፁን እሰማለሁ። ሁለቱም ያንኑ ከነገሩኝ የሚወጣው ቃሉ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ታሪክ ማጨቅ ነው። አባ ጅፋር ላይ ስንደርስ ባለቤቱ «እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር…» የሚል ግማሽ ገጽ ላከልኝ። መረጃው ትክክል ነው። ቦታው ግን 60 ሰከንድ ውስጥ አይደለም። እኔ ያስቀረሁት አንድ እጅ የቤተ መንግሥቱን የእንጨት በረንዳ ይዞ ከኮረብታው ቁልቁል ከተማዋን ሲያይ ነው። ቃሉም «ንጉሡ ጅማን የሚያዩት ከዚህ ነበር» ብቻ ሆነ። ታሪኩን አስጎብኚው እዚያው ቆሞ ይናገራል፤ እንግዳው የሚመጣውም ለዚያ ነው።

ስለ መጠኑም ልንገራችሁ። እኔ ጮክ ብዬ በሰዓት ሳነበው ደቂቃ የሚሞላው ሰማንያ ገደማ የአማርኛ ቃል ነው። ለቦታው ድምፅ ትንፋሽ ልተው ካልኩ ደግሞ ከስልሳ አላልፍም። አንድ ገጽ ሙሉ ስክሪፕት ከመጣላችሁ ተራኪው እንደ እግር ኳስ ዘጋቢ ሊሮጥ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ እንግዳውን መከተል

እዚህ የሚተርክ የለም። አንድ ቤተሰብ ይመጣል፣ ካሜራው ይከተላል። ስክሪፕቱ ከሚባለው ይልቅ የሚደረገውን ይጽፋል። የዚህ ቪዲዮ እምብርት እርሻው ላይ ነበር፦

ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ከቅርንጫፍ ላይ አንድ ቀይ እሸት ቡና ትቀጥፋለች። አባቷን ታየዋለች። «ቅመሺው» ይላታል በምልክት። አፏ ውስጥ ትጨምራለች። ፊቷ ይቀየራል፤ ጣፋጭ ነው። ሁለቱን ፍሬዎች መዳፏ ላይ ትተፋለች። ያንሸራትታሉ፣ ነጣ ያሉ ናቸው። «ቡና ይሄ ነው?» ትላለች።

በሙሉው ቪዲዮ የሚነገረው ይሄው ብቻ ነው። ሞባይሉን ዝም አሰኝቶ የሚያይ ሰው ብዙ ስለሆነ ይሄ ዓይነቱ ስክሪፕት ትልቅ ብልጫ አለው፤ ድምፅ ሳይኖርም ሁሉም ነገር ይገባል። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳም ትርጉም አይፈልግም። የከተማ ወላጅ ደግሞ የሚያየው የራሱን ልጅ ነው። ሲኒ ውስጥ ካለው ቡና በቀር ቡና አይታ የማታውቀውን ልጁን።

ግን ይሄ ከሦስቱ በጣም አስቸጋሪው ነው። ተዋናይ ቤተሰብ ከቀጠራችሁ ፈገግታቸው ያጋልጣቸዋል። ካሜራው ፊት ለፊት ከቅርብ ሲያያቸው ይደርቃሉ። እውነተኛ እንግዳ ከተከተላችሁ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ ልጅቷ የምትደነቀው ካሜራማኑ ባትሪ ሲቀይር ሊሆን ይችላልና። የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድም የግድ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ወቅቱ ነው። እዚህ ላይ ጠለቅ ልበል፤ ያቃጠለኝ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ለሌላ ቤት ኅዳር ላይ ቀይ ቡና ለቀማ ቀረጽን። ቪዲዮው የወጣው መጋቢት ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቤተሰብ ቪዲዮውን አይቶ መጣ። ዛፉ ላይ የጠበቃቸው ገና ያልጠና ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ነበር። ልጆቹ «ቀዩ የታለ?» እያሉ ሲጠይቁ ያጀባቸው ልጅ መልስ አጣ። ቅሬታው የደረሰው ሆቴሉ ጋ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ ስክሪፕቱ ላይ ወሩን አልጻፍኩም።

ከዚያ ወዲህ የጅማ ስክሪፕት ስጽፍ የቡናውን ዓመት መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ቡናው ነጭ ያብባል። ሽታው ልብ ይነካል፤ ግን በጥቂት ቀን ይረግፋል። ስለዚህ አበባውን አሳይታችሁ «ኑ» ማለት አይቻልም። ክረምቱን ሙሉ ፍሬው አረንጓዴ ነው። ቀዩ በብዛት የሚገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸቱ በሽቦና በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው የተበላሸውን ሲለቅሙ የምታዩትም በዚሁ ጊዜና ትንሽ አልፎ ነው።

ነሐሴ ላይ እንግዳ የሚፈልግ ሆቴል ምን ያሳይ? ዝናቡን። በረንዳ ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣ ትኩስ ነገር ይዞ መቀመጥን። የጅማ ክረምት ጠንካራ ነው፤ ደብቃችሁት እንግዳው ደርሶ ከሚያዝን አስቀድማችሁ ብታስወድዱት ይሻላል።

ሦስተኛው፦ የቤቱ ሰው

ሆቴሉ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ይናገራል። ባለቤቶች ይሄን ስላቸው ወዲያው ሥራ አስኪያጁን ያዘጋጃሉ፤ ሱፍ ለብሶ፣ ጠረጴዛ ይዞ፣ ከኋላው ሰርተፍኬት ተሰቅሎ። ሥራ አስኪያጅ ግን ያው ዝርዝሩን ነው የሚናገረው። እንግዳው አፍ ላይ የሚቀረውን ነገር በእጁ የሚሠራው ሰው ነው መናገር ያለበት።

በዚህ ቤት ያ ሰው ቡና የሚያፈሉት እናት ናቸው። መጀመሪያ ጥሩ አድርጌ የጻፍኩትን ንግግር ሰጠኋቸው። አጠኑት። ካሜራ ሲበራ ግን ዜና እንደሚያነብ ሰው ሆኑ፤ ትከሻቸው ሳይቀር ደረቀ። ወረቀቱን ተውነው። «እናቴ፣ የዛሬውን ቡና ያፍሉ፣ እኛ እንጠጣለን» አልኳቸውና ካሜራውን ወደ ጎን አደረግነው። ጥሬውን ማጠብ ሲጀምሩ መጠየቅ ጀመርኩ።

«መቆላቱን በምን ያውቃሉ?»

«መጀመሪያ ይንጣጣል። ጠሽ ጠሽ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ወዝ ያወጣል። ያኔ ነው የማወርደው።»

«ጭሱን ለምን ያዞሩታል?»

«መንገድ የደከመው ሰው አለ። ከመጠጣቱ በፊት በመዓዛው ይረፍ ብዬ ነው።»

«እንግዳው ቢቸኩልስ?»

ሳቁ። ምጣዱን እያንቀሳቀሱ «የቸኮለ አቦሉን ጠጥቶ ይሄዳል» አሉ። ትንሽ ቆዩና «በረካ ሳይደርስ የሚሄድ እንግዳ ግን ያሳዝነኛል» አሉ።

ይሄን እኔ ልጽፈው አልችልም። በዚያች አንዲት አነጋገር ውስጥ ሆቴሉ ሊሸጥ የሚፈልገው ሁሉ አለ፤ ሰው ይጠብቃችኋል፣ እዚህ አይቸኮልም፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ ተቀመጡ። «ሞቅ ያለ መስተንግዶ» የሚለውን ሐረግ መቶ ጊዜ ብንደግመው ይሄን አይሆንም።

ስለዚህ የሦስተኛው ዓይነት ስክሪፕት ሲጻፍ ከቀረጻ በፊት የሚዘጋጀው ጥያቄ ነው፤ ንግግሩ የሚጻፈው ከቀረጻ በኋላ ነው። ጥያቄው «ስለ ሆቴሉ ምን ይላሉ?» መሆን የለበትም። እሱን የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ ያመሰግናል እንጂ አይናገርም። ስለ እጃቸው ሥራ ጠይቁ፤ በምን ያውቃሉ፣ መቼ ይበላሻል፣ ማን ያሳዝንዎታል። እኛ አርባ ደቂቃ ያህል ቀረጽን። የተባለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ከስር ያሰመርኩበት ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። ቪዲዮው ውስጥ የገቡት አምስቱ ናቸው።

ቋንቋ ላይ አትጨነቁ። እናታችን መሐል ላይ ለልጃቸው በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር አሉ፤ ውኃ አምጪ ማለታቸው ነው። ባለቤቱ ይቆረጥ አለ። እኔ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ገብቶ ይቅር አልኩ። ጅማ እንደዚያ ነው የሚሰማው። አስተካክላችሁ ካጸዳችሁት የየትም ከተማ ድምፅ ይሆናል።

አደጋው ድምፅ ነው። በተራኪ ስክሪፕት የቦታው ድምፅ ቢበላሽ ችግር የለም፣ ስቱዲዮ ይቀዳል። እዚህ ግን ተናጋሪው አይደገምም። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ያስፈልጋል። መንገዱ ዳር ከሆናችሁ ባጃጁ አያስወራችሁም፤ ወደ ጓሮ ግቡ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ከተነሳ ቀረጻውን አቁሙ። የምጣዱን መንጣጣት፣ የሙቀጫውን ምት፣ ከጀበና ሲቀዳ ያለውን ድምፅ ደግሞ ማይኩን አስጠግታችሁ ለብቻ ቅዱ። እኔ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደቂቃ እወስዳለሁ።

ሌላው አደጋ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ነው። ተመልካቹ እሳቸውን ብሎ መጥቶ ካጣቸው ቪዲዮው ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ፊታቸው የት እንደሚታይ ይወቁ፣ ይከፈላቸው፣ ፈቃዳቸው በጽሑፍ ይሁን። ይሄ ለእኔ ድርድር የለውም።

ታዲያ የትኛው?

በተመልካቹ ነው የሚወሰነው። ከሩቅ አገር ለሚመጣ፣ ቋንቋችንን ለማይሰማ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጊዜና ትክክለኛው ወር ካላችሁ። ብዙ ቦታ የሚያዞር የአራትና የአምስት ቀን ጉዞ ለሚሸጥ አስጎብኚ ተራኪው ይሻላል፤ ቦታና ቦታን የሚያያይዝ ድምፅ ያስፈልገዋል። አንድ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ ትንሽ በጀት ላለው ሆቴል ሦስተኛው ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ በማንኛውም ወር ይሠራል። ጀበናው ወቅት አይጠብቅም።

አንድ ተመልካች ግን ከሦስቱም ውጭ ነው። ሥልጠናና ዓውደ ጥናት የሚያዘጋጅ ሰው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስላለ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ብዙ ነው። እሱ ስንት ክፍል፣ አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል፣ ጀነሬተር አለ ወይ ነው የሚለው። ለእሱ ያው የመጀመሪያውን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላኩለት። በቡና ጭስ አታድክሙት።

ለዚህ ቤት የወሰድነው ሦስተኛውን ነው፤ ከአንደኛው ደግሞ መንገዱን ተበደርን። የመጨረሻው ስክሪፕት ይህን ይመስላል፦

0–4 ሰከንድ፦ ምጣዱ ከቅርብ። መንጣጣቱ ብቻ ይሰማል። ጽሑፍ የለም።
4–14፦ የግቤ ቁልቁለት ከመኪና መስኮት። የእናት ድምፅ፦ «መንገድ የደከመው ሰው አለ።» ዳገቱ፣ አረንጓዴው።
14–26፦ እጅ በቤተ መንግሥቱ በረንዳ ላይ፣ ማለዳ 1 ሰዓት አካባቢ። ንግግር የለም። ንፋስና ወፍ።
26–44፦ ግቢው። ቄጤማ፣ ረከቦት። «መጀመሪያ ይንጣጣል… ከዚያ ዝም ይላል።» እዚህ ላይ ድምፁ በሙሉ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋል። ጭሱ ወደ እንግዶቹ ይዞራል።
44–54፦ ቡናው ይቀዳል። «የቸኮለ አቦሉን ጠጥቶ ይሄዳል። በረካ ሳይደርስ የሚሄድ እንግዳ ግን ያሳዝነኛል።»
54–60፦ ባዶ ሲኒ ይቀመጣል፣ እጃቸው መልሶ ያነሳዋል። የሆቴሉ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥር።

እርሻው የለም። እኛ የቀረጽነው ግንቦት ላይ ነውና ቀይ ቡና አልነበረም። ባለቤቱ ካለፈው ዓመት ፎቶ እናስገባ ብሎ ነበር፣ አልተስማማሁም። ኅዳር ላይ ለብቻው 20 ሰከንድ ቀርጸን «ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ» የሚል ጽሑፍ ሰጥተን ለመልቀቅ ተስማማን።

ከመለቀቁ በፊት ጅማ ሄደው ለማያውቁ ሦስት ሰዎች በስልክ አሳየኋቸው። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ስልኩን በክንዳቸው ርቀት ይዘው እንዲያዩት አደረግኩ፤ ጽሑፉ መነበቡን የማረጋግጠው እንደዚያ ነው። በሥዕሎቹ ሥር ከአምስት ቃል በላይ ያለበትን መስመር ሁሉ አንዳቸውም ጨርሰው አላነበቡም፤ አሳጠርኩት። በማግሥቱ ደውዬ ምን ትዝ እንዳላቸው ጠየቅኩ። አንዱ የመንገዱን ቁልቁለት አነሳ። ሁለቱ «ከዚያ ዝም ይላል» ያሉትን እናት። የሆቴሉን ስም ያስታወሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ስሙን ከመጨረሻው በተጨማሪ ከ26ኛው ሰከንድ ጀምሮ ግድግዳው ላይ በሚታየው ሰሌዳ እንዲገባ አድርገን ያን ክፍል ብቻ ደግመን ቀረጽን።